ዓይን የማይለየው አልማዝ

ከመጀመሬ በፊት፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

በ2023 ጁን ወር የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ዋይት ሐውስን ሲጎበኙ ለቀዳማዊት እመቤት ለጂል ባይደን አንድ አልማዝ በስጦታ አበረከቱ። ድንጋዩ 7.5 ካራት ይመዝናል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣናት ከውጭ መንግሥታት የተቀበሏቸውን ስጦታዎች ከነግምታቸው መዝግቦ ለሕዝብ ያወጣል፤ በዚያ መዝገብ ላይ ይህ አልማዝ 20,000 ዶላር ተብሎ ሰፍሯል። ዜናውን የሰማ ሰው ሁሉ በገንዘቡ ብዛት ተገረመ። አልማዝ የሚነግዱ ሰዎች ግን የተገረሙ ከሆነ በማነሱ ነው። ያን ያህል የሚመዝንና ጥራቱም ደህና የሆነ ከመሬት የወጣ አልማዝ ዋጋው በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። የሞዲ ስጦታ ግን የተሠራው ሕንድ ውስጥ፣ በላቦራቶሪ ነው።

ሁለቱን ድንጋዮች ጎን ለጎን ባስቀምጥላችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ ልትነግሩኝ አትችሉም። እኔም በዓይኔ ብቻ አልችልም። ለዓይን አንድ የሆኑ ሁለት ነገሮች በዋጋ ይህን ያህል ከተራራቁ፣ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ለምኑ ነው? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ብዙዎቻችሁ የጋብቻ ቀለበት ልትገዙ ያሰባችሁ ወይም ለልጆቻችሁ የምትመክሩ ስለሆናችሁ፣ ነገሩን በአንድ ቀለበት ላይ፣ በአንድ ካራት ድንጋይ እንየው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ወርቅ ቤት ስንገባ "21 ካራት"፣ "18 ካራት" ሲባል የምንሰማው የወርቁን ንጽሕና ነው። በአልማዝ ላይ ካራት ማለት ክብደት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። ስለዚህ የአልማዝ ካራት ስለ ጥራት የሚነግረን ነገር የለም።

አልማዝ ማለት ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረ ካርቦን ነው። ከመሬት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት፣ ከቢሊዮን ዓመታት በፊት፣ በከፍተኛ ሙቀትና ጫና ተፈጥሮ፣ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ወደ ላይ የመጣ ነው። ሰው ይህንኑ ለመሥራት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ተፈጥሮን መከተል ነው፤ ካርቦኑን ከቀለጠ ብረት ጋር አድርጎ በኃይለኛ ማሽን መጫንና ከ1,300 ዲግሪ በላይ ማጋል። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ በ1954 የተሳካለት በዚህ መንገድ ነበር፤ ያኔ የወጣው ግን ለመቁረጫና ለመሞረጃ የሚውል ደቃቅ ነገር እንጂ ለጌጥ የሚሆን አልነበረም። ሁለተኛው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ ስስ የአልማዝ ቁራጭ እንደ ዘር ይቀመጣል፤ ሚቴንና ሃይድሮጅን ጋዝ ይገባል፤ ጋዙ በማይክሮዌቭ ኃይል ሲጋጋል ካርቦኑ ከሚቴኑ ተለይቶ በዘሩ ላይ እየዘነበ ንብርብር በንብርብር ያድጋል። ለአንድ ቀለበት የሚበቃ ድንጋይ በጥቂት ሳምንታት ይደርሳል። ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ኤችፒኤችቲ፣ ሁለተኛውን ሲቪዲ ይሏቸዋል። በሰርተፍኬት ላይ HPHT ወይም CVD ተጽፎ ካያችሁ ድንጋዩ ያደገበትን መንገድ ነው የሚነግራችሁ። HPHT ብቻውን ሳይሆን ሕክምና ከሚል ቃል ጋር ከተጻፈ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቀለሙን ለማሻሻል የተጋለ የተፈጥሮ አልማዝም ሊሆን ስለሚችል ማብራሪያ ጠይቁ።

በሁለቱም መንገድ የሚወጣው እውነተኛ አልማዝ ነው። በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ላይ ያው 10 ነው፣ ብርሃን የሚሰብርበት መጠንም ያው ነው። "ላቦራቶሪ የሠራው የውሸት አልማዝ ነው" የሚል ሰው ተሳስቷል። የውሸት የሚባሉት ኪዩቢክ ዚርኮኒያና ሞይሳናይት ናቸው፤ እነሱ አልማዝ የሚመስሉ ሌሎች ድንጋዮች ናቸው። ይህን ልዩነት አጥብቄ የምናገረው ስድብን ለመከላከል ብዬ አይደለም። ገዢዎች በተደጋጋሚ የሚወድቁበት ጉድጓድ ያለው እዚህ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጩ እስክሪብቶ የምትመስል መሣሪያ ያወጣል። ጫፏን ድንጋዩ ላይ ሲያስነካት መብራት ይበራል፣ ድምፅ ትሰጣለች። "አያችሁ፣ እውነተኛ አልማዝ ነው" ይላል፤ ውሸትም አልተናገረም። መሣሪያዋ የምትለካው ድንጋዩ ሙቀት የሚያስተላልፍበትን ፍጥነት ነው። አልማዝ ሙቀት በማስተላለፍ የሚወዳደረው ስለሌለ ዚርኮኒያን ወዲያው ትለያለች። ላቦራቶሪ የሠራው ግን አልማዝ ስለሆነ ሁልጊዜ ያልፋል። ገዢው "እውነተኛ" ሲባል "ከመሬት የወጣ" ብሎ ይሰማል፤ መሣሪያዋ ያንን አልተናገረችም፤ መናገርም አትችልም። በመሣሪያዋ ምስክርነት ብቻ የተፈጥሮ አልማዝ ዋጋ የከፈለ ሰው ምንም ማስረጃ በእጁ የለውም።

ታዲያ ባለሙያ በምን ይለያል? ከመሬት ውስጥ ያደገ አልማዝ ለረጅም ዘመን ከናይትሮጅን ጋር ስለኖረ፣ የናይትሮጅን አቶሞች ውስጡ ገብተው በጊዜ ብዛት ተሰባስበዋል። ከ100 የተፈጥሮ አልማዞች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይህ ምልክት አላቸው። ላቦራቶሪ በሳምንታት ያሳደገው ግን ናይትሮጅን አቶሞቹ እንዲህ የሚሰባሰቡበት ጊዜ አላገኘም፤ ለጌጥ የሚሠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን የለበትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማጣሪያ ናይትሮጅንን መፈለግ ነው። ከዚያ ድንጋዩ በጠንካራ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ያደገበት ቅርጽ ይወጣል፦ የተፈጥሮው ያልተስተካከለ ንብርብር፣ የሲቪዲው ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ የኤችፒኤችቲው የመስቀል ዓይነት ክፍልፋይ። ኤችፒኤችቲ ብርሃኑ ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ማብራት ይወዳል፤ አንዳንዴም ያደገበት ብረት ቅሪት ውስጡ ይገኛል።

የማጣሪያ መሣሪያዎችን በተመለከተ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ጂአይኤ የሚባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ለወርቅ ቤቶች የሚሸጠው iD100 የተሰኘ መሣሪያ፣ ቀለበት ላይ የታሰረ ድንጋይንም ሳይቀር ይመረምራል፤ ስክሪኑ ላይ Pass ወይም Refer ብሎ ይመልሳል። Pass ማለት የተፈጥሮ ነው ማለት ነው። Refer ማለት ግን "ላቦራቶሪ ነው" ማለት አይደለም፤ "ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ላኩት" ማለት ነው። ምክንያቱም ናይትሮጅን የሌላቸው የተፈጥሮ አልማዞችም አሉ። በ1905 ደቡብ አፍሪካ የተገኘውና 3,106 ካራት የመዘነው ኩሊናን ራሱ ከነሱ አንዱ ነው። በእጃችሁ ያለ የእናታችሁ ቀለበት Refer ቢል ተጭበረበርን ብላችሁ አትደንግጡ፤ ምርመራው ገና አላለቀም ማለት ነው።

ስለ መልኩ ከዚህ በላይ ብዙ የምለው የለም። በጥድፊያ ያደገ ሲቪዲ አንዳንዴ ቡናማነት ወይም ጭጋግ ይታይበታል፤ አንዳንድ ኤችፒኤችቲ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ጥሩዎቹ ግን እንከን አይወጣላቸውም። ድንጋይ በጣት ላይ እንዲንቦገቦግ የሚያደርገው አቆራረጡ ነው፤ በመጥፎ የተቆረጠ የተፈጥሮ አልማዝ በደንብ ከተቆረጠ የላቦራቶሪ አልማዝ ጎን ደንዝዞ ይታያል። ሁለቱንም ዓይነት ስታዩ ከሱቁ የጣሪያ መብራት ወጣ ብላችሁ በመስኮት ብርሃን እዩ። የወርቅ ቤት መብራት የተተከለው ድንጋይ ሁሉ እንዲያበራ ታስቦ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ ልቆይበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከአሥር ዓመት በፊት ላቦራቶሪ የሠራው አልማዝ ከተፈጥሮው የሚያንሰው በጥቂቱ ነበር። ለአንድ ካራት ብዙ ሺህ ዶላር የከፈሉ ሰዎች አሉ። ሻጮቹ ዋጋውን የተመኑት የተፈጥሮውን ዋጋ አይተው፣ ከዚያ ትንሽ ቀነስ አድርገው ነው። በ2018 ግን ለመቶ ዓመት የተፈጥሮ አልማዝን ንግድ ሲመራ የኖረው ዴቢርስ ላይትቦክስ የሚባል የራሱን የላቦራቶሪ አልማዝ ይዞ ገበያ ወጣ። ዋጋውን እንዲህ አወጣ፦ ሩብ ካራት 200 ዶላር፣ ግማሽ ካራት 400፣ አንድ ካራት 800።

ይህን የዋጋ መስመር ልብ በሉት። በተፈጥሮ አልማዝ ገበያ ሁለት ካራት የአንድ ካራት እጥፍ ዋጋ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ትልቅ ድንጋይ ብርቅ ስለሆነ እያንዳንዱ ካራት ራሱ እየተወደደ ይሄዳል። ላይትቦክስ ግን ዋጋውን በክብደቱ ልክ ብቻ አስኬደው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ይህ ዕቃ ብርቅ አይደለም፤ ዋጋው የማምረቻ ወጪው ነው። የሞዲ ስጦታም እንዲህ የረከሰው ከዚህ የተነሳ ነው፤ 20,000 ዶላሩን ለ7.5 ብታካፍሉት ለአንድ ካራት ከ2,700 ዶላር በታች ይመጣል። ድንጋዩ በተለቀ ቁጥር በሁለቱ ዓይነት መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው የፋብሪካ ዕቃ ሁሉ የሚሆነው ነው። ቻይና ውስጥ ጫና የሚፈጥሩት ማሽኖች፣ ሕንድ ውስጥ የጋዝ ክፍሎቹ በብዛት ተተከሉ። ምርቱ በዛ፣ ዋጋው ወረደ። ላይትቦክስ ራሱ በ2024 የአንድ ካራቱን ዋጋ ከ800 ወደ 500 ዶላር አወረደ፤ በ2025 ዴቢርስ ይህን ንግዱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዛሬ ጥሩ አንድ ካራት ከዚያም ባነሰ የሚሸጥ አለ። ነገ ይበልጥ የሚወደድበት ምክንያት አይታየኝም፤ ተጨማሪ ማሽን መትከል እስከተቻለ ድረስ ዋጋውን ወደ ላይ የሚገፋ ነገር የለም።

እንግዲህ የተፈጥሮው ዋጋውን ይጠብቃል ማለት ነው? ሻጮች እንደዚያ ይላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የተፈጥሮ አልማዝም ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ዋጋው ክፉኛ ወርዷል፤ አንዱ ምክንያት የላቦራቶሪው ውድድር ነው። ከዚያ በላይ ግን የሱቅ ዋጋና የመሸጫ ዋጋ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ሳምንት ቀለበት ገዙ። ሁለቱም ድንጋዮች ክብ፣ አንድ ካራት፣ በቀለምና በጥራት እኩል ናቸው። የመጀመሪያው ከመሬት የወጣውን በ4,500 ዶላር ገዛ። ሁለተኛው የላቦራቶሪውን በ900 ዶላር። የወርቁን ዋጋ ለጊዜው እንተወው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱም ገንዘብ ፈልገው ድንጋዩን ሊሸጡ ወጡ።

የመጀመሪያው ወርቅ ቤት ገባ። ወርቅ ቤቱ ይህንኑ ድንጋይ ከነጋዴ በጅምላ በ3,000 ዶላር አካባቢ ሊያገኘው ይችላል፤ ያውም ሸጦ እስኪጨርስ ሳይከፍል በአደራ። ስለዚህ ከመንገድ ለመጣ ሰው ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ የሚሰጠው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። 1,800 ዶላር አቀረበለት እንበል። ይህ በዚህ ንግድ መጥፎ ዋጋ የሚባል አይደለም። ከከፈለው ውስጥ ከመቶ 40 እጁ ገባ፣ 2,700 ዶላር አጣ። ሁለተኛው ሦስት ሱቅ ዞረ። ሁለቱ የላቦራቶሪ ድንጋይ አንገዛም አሉት፤ ሦስተኛው ወርቁን መዝኖ የወርቁን ብቻ ሊከፍለው ተስማማ። ከድንጋዩ ምንም አላገኘም፤ 900 ዶላር አጣ።

እንግዲህ "የትኛው ዋጋውን ይይዛል" ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጠያየቃችሁን ይከተላል። ከተከፈለው ስንት እጅ ተመለሰ ካላችሁ የተፈጥሮው ይሻላል፤ የላቦራቶሪውን ባዶ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ከኪሴ ስንት ዶላር ጠፋ ካላችሁ ግን የተፈጥሮውን የገዛው ሦስት እጥፍ አጥቷል። ሻጭ አንደኛውን ስሌት ብቻ ሲያሳያችሁ ሁለተኛውን ራሳችሁ ሥሩት።

እኛ ዘንድ ጌጥ ማለት ወርቅ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። እናቶቻችን ወርቅ የሚገዙት ለማጌጥም ለክፉ ቀንም ነው፤ ልክ ናቸውም። ወርቅ በግራም ይመዘናል፣ የዕለቱ ዋጋ ይታወቃል፣ ይቀልጣል፣ ዱባይ የተገዛው አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ይሸጣል፤ የሚጎድለው የእጅ ሥራው ነው። አልማዝ ይህ ጠባይ የለውም። አይቀልጥም፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ለየብቻ ይገመታል፣ የዕለት ዋጋው በሬዲዮ አይነገርም። በወርቅ የለመድነውን እምነት ይዘን ወደ አልማዝ ስንገባ እንጎዳለን። ለክፉ ቀን የምታስቀምጡት ገንዘብ ካላችሁ ወርቁን አክብዱት፤ ድንጋዩን ለውበቱ ብቻ ምረጡት። በዚህ ዓይን ካየነው የላቦራቶሪ ድንጋይ ለብዙ ወጣት ጥንዶች ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በትክክለኛው ዋጋ እስከገዙት ድረስ። አንዳንድ ሱቅ ዛሬም ለአንድ ካራት የላቦራቶሪ ድንጋይ 2,000 እና 3,000 ዶላር ይጠይቃል። በዚያው ቀን ሌሎች ሦስት ሻጮች ዘንድ ተመሳሳዩን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ስለ ዋጋ ስናወራ አንድ ወረቀት አለ፤ ብዙ ሰው ያታልላል። ሻጩ ቀለበቱን በ4,500 ሸጦላችሁ "ግምቱ 8,000 ነው" የሚል ወረቀት ጨምሮ ይሰጣችኋል። ያተረፋችሁ ይመስላችኋል። ያ ወረቀት የሚጻፈው ለኢንሹራንስ ነው፤ ማንም በዚያ ዋጋ ሊገዛችሁ አልፈረመም።

ወደ መጨረሻው ጉዳይ ልምጣ፤ ሻጭ ለገዢ ምን የመናገር ግዴታ አለበት?

አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚመለከተው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው። በ2018 ለጌጣጌጥ ንግድ ያወጣውን መመሪያ ሲያሻሽል ሁለት ነገር አደረገ። አልማዝ ምንድን ነው በሚለው ፍቺ ውስጥ "ተፈጥሯዊ" የሚለውን ቃል አወጣ፤ ላቦራቶሪ የሠራውም አልማዝ ነው አለ። በዚያው ልክ ግን "አልማዝ" ተብሎ ሳይብራራ የተጠራ ድንጋይ ገዢው ከመሬት የወጣ አድርጎ ስለሚረዳው፣ የላቦራቶሪውን የሚሸጥ ሰው ከቃሉ ጋር አያይዞ በላቦራቶሪ የተሠራ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት አለ። በ2019 ደግሞ ለ8 ሻጮች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ ማስታወቂያቸው ይህን በበቂ አልገለጸም፣ ለአካባቢ ጥበቃ ይበጃል የሚለውም አባባላቸው ማስረጃ ይፈልጋል ብሎ። ፈረንሳይ የበለጠ ጥብቅ ናት፤ እዚያ ሕጉ ሻጩን "ሰው ሠራሽ" በሚለው ቃል እንዲጠራው ያስገድደዋል። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችሁ በሚኖሩበት አገር ያለውን ደንብ ይጠይቁ፤ አንድ ዓይነት አይደለም።

ሰርተፍኬቱስ? አይጂአይ የሚባለው መርማሪ ተቋም በላቦራቶሪ ለተሠራ አልማዝ የሚሰጠው ቁጥር LG በሚሉ ፊደሎች ይጀምራል፤ ያው ቁጥር በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ይቀረጻል። ጂአይኤ ከ2025 ኦክቶበር ጀምሮ ለላቦራቶሪ አልማዝ የቀለምና የጥራት ደረጃ በዝርዝር መስጠቱን ትቶ ሁለት ደረጃ ብቻ ይሰጣል። የሰጠው ምክንያት ለገዢ ይጠቅማል፦ ለገበያ ከሚቀርቡት ውስጥ ከመቶ 95 በላይ የሚሆኑት በቀለምም በጥራትም በጣም ጠባብ በሆነ ክልል ውስጥ የሚወድቁ ናቸው አለ። ፋብሪካ ሁሉንም ጥሩ አድርጎ ካመረተ፣ "ይህ ብርቅ ጥራት ነው" ብሎ ተጨማሪ ዋጋ የሚጠይቃችሁ ሻጭ የሚያቀርበው ምክንያት አይኖረውም።

ግን ወረቀትም ቁጥርም ይሰረቃሉ። በ2023 ቴል አቪቭ የሚገኘው የአይጂአይ ላቦራቶሪ አንድ 6 ካራት ገደማ የሆነ ድንጋይ ቀረበለት። ወገቡ ላይ የጂአይኤ ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ቁጥሩ የአንድ እውነተኛ የተፈጥሮ አልማዝ ቁጥር ነው። ክብደቱና ልኩ ከዚያ ሰርተፍኬት ጋር እጅግ ይቀራረባል። ሲመረመር ሲቪዲ ሆኖ ተገኘ። አጭበርባሪው ሰርተፍኬቱን መርጦ፣ ለዚያ ሰርተፍኬት የሚገጥም የላቦራቶሪ ድንጋይ አስቆርጦ፣ ቁጥሩን አስቀረጸበት። ስለዚህ ቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ መገኘቱ ሰርተፍኬቱ እውነተኛ መሆኑን እንጂ ፊት ለፊታችሁ ያለው ድንጋይ የዚያ ሰርተፍኬት ድንጋይ መሆኑን አያረጋግጥም።

ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ቁጥሩን ራሳችሁ በ gia.edu ወይም በ igi.org ላይ አስገቡ፤ ሻጩ በሰጣችሁ ወረቀት ላይ ባለው የQR ምስል በኩል አትግቡ፤ እሱም ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ 10 እጥፍ በሚያጎላ ማጉያ የወገቡን ጽሑፍ አንብቡ፤ ሻጩ ሊያሳያችሁ ካልፈለገ ውጡ። ቀጥሎ ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን ሚሊሜትር ከድንጋዩ ጋር አመሳክሩ፤ ትላልቅ ድንጋዮች ላይ ሰርተፍኬቱ የውስጥ ምልክቶችን ሥዕል ካሳየ ያንንም አብራችሁ ተመልከቱ፤ ቁጥር መቅረጽ ይቻላል፣ የሌላ ድንጋይን የውስጥ ምልክት መቅዳት ግን አይቻልም ማለት ይቻላል። በመጨረሻም ደረሰኙ ላይ "የተፈጥሮ አልማዝ" ወይም "በላቦራቶሪ የተሠራ አልማዝ" የሚል ቃል ከሰርተፍኬቱ ቁጥር ጋር አስጽፉ። "እውነተኛ አልማዝ"፣ "ጥራቱ የተረጋገጠ አልማዝ" የሚሉት ሁለቱንም ስለሚሸፍኑ አይበቁም። የመመለሻ ቀኑም በጽሑፍ ይሁን፤ በዚያ ቀን ውስጥ ድንጋዩን ለማይገዛና ለማይሸጥ፣ ክፍያውን ለሥራው ሰዓት ብቻ ለሚቀበል ገማች ውሰዱት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ትናንሾቹን ድንጋዮች ነው። ቀለበቱ ዙሪያ የተደረደሩት እነዚያ ጥቃቅኖች ሰርተፍኬት የላቸውም። መካከለኛው ከመሬት የወጣ ሆኖ ጥቃቅኖቹ የላቦራቶሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከአንድ ከረጢት ሲወጡ ተቀላቅለው ሻጩም ሳያውቅ ሊሆን ይችላል። "የጎኖቹስ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም እዚያው ደረሰኝ ላይ አስጽፉ።

ስለ መግለጽ ሳወራ ሻጩን ብቻ አላሰብኩም። ቀለበቱን ለእጮኛው የሚሰጥ ወንድሜም የሚነግራት ነገር አለ። ላቦራቶሪ የሠራው ከሆነ ቀድሞ ይንገራት። አንድ ቀን ወርቅ ቤት ገብታ ለማሳነስ ወይም ለማጽዳት ስትሰጠው ከማታውቀው ሰው አፍ መስማቷ አይቀርም፤ ያ ቀን ከድንጋዩ ዋጋ ጋር የማይመጣጠን ጉዳት ያመጣል። አገር ቤት ላለች እህት ወይም እናት የምትልኩም እንደዚያው ነው፤ ሰርተፍኬቱን ከቀለበቱ ጋር ላኩ፣ ምን እንደሆነም ንገሯት፤ በችግር ጊዜ ይህን ሸጬ እወጣለሁ ብላ እንዳታስበው።

ቀድሞ የተፈጥሮ አልማዝ ያላችሁ ሰዎች ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ክብደቱን፣ ልኩንና የወገቡን ቁጥር ተቀባዩ በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ አስጽፉ፤ ድንጋዩን በማጉያ ከሱ ጋር አብራችሁ እዩ፤ ስትረከቡም ያንኑ ደግማችሁ እዩ። ዛሬ ለዓይን አንድ የሚመስል ምትክ በጥቂት መቶ ዶላር ስለሚገኝ፣ ድንጋይ ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው እንደ ድሮው ብዙ አይቸገርም።

ኢንሹራንስ የገባችሁ ደግሞ የሸፈነላችሁን መጠን ተመልከቱ። በ2019 የላቦራቶሪ ድንጋይ በ4,000 ዶላር ገዝታችሁ እስከ ዛሬ በዚያው ግምት የምትከፍሉ ከሆነ፣ ድንጋዩ ቢጠፋ ብዙ ድርጅቶች የሚሰጧችሁ ዛሬ የሚተካበትን ዋጋ ወይም ምትኩን ራሱን ነው፤ እሱ ደግሞ ከ1,000 ዶላር በታች ሊሆን ይችላል። ግምቱን አሳድሱና ወርሃዊ ክፍያችሁን አስቀንሱ። ቀለበታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ማጉያውን ይዤ እዚህ ጠረጴዛ ጋ እቆያለሁ።